ጎንደርና ጎረቤቶቿ፦ ስለ ታክሲና ስለ ውሃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዘዞ እስከ ማክሰኝት፣ ከቆላድባ እስከ ትክል ድንጋይ ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

«ሜትሮፖሊታን አስተዳደር» ሲባል ጎንደር ዙሪያዋን ትጠቀልላለች ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ግን እዚህ ላይ ነው። ከተማን ማስፋት ሌላ፣ ከጎረቤት ጋር ተባብሮ አገልግሎት መስጠት ሌላ። ሲሰፋ ወሰኑ ይገፋል፣ ቀበሌው ከወረዳው ወጥቶ ለከተማው ይገባል። ሲተባበር ወሰኑ ባለበት ይቆያል። የሚጋራው ሥራው ብቻ ነው፤ ለምሳሌ አንድ የታክሲ መስመር ወይም አንድ የውሃ መስመር።

ዕድርን አስቡት። የዕድር አባል ቤቱን ለዕድሩ አይሰጥም። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና መዋጮውን ግን ይጋራል፣ ደንብም አለው። ጎንደርና ማክሰኝት ያጡት ደንቡን ነው።

አዘዞና ጠዳ ጎረቤት ናቸው ወይስ ጎንደር?

ጎንደር ናቸው። አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም የከተማው አካል ነው፤ ጠዳም ከአዘዞ ጋር በአንድ ክፍለ ከተማ ተደራጅቷል። እዚያ ያለ የውሃና የታክሲ ጥያቄ የከተማው አስተዳደር ጥያቄ ነው።

ጎረቤት የሚባሉት ከዚያ ወዲያ ያሉት ናቸው። በደቡብ በባሕር ዳር መንገድ የጎንደር ዙሪያ ወረዳዋ ማክሰኝት አለች። በደቡብ ምዕራብ የደምቢያዋ ቆላድባ፣ በሰሜን የላይ አርማጭሆዋ ትክል ድንጋይ፣ በደባርቅ መንገድ ደግሞ የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ አሉ።

የዞኑ ጽሕፈት ቤት ጎንደር ውስጥ አይደል እንዴ? ታዲያ ለምን አይጨርሱትም?

የማዕከላዊ ጎንደር ዞን መቀመጫ ጎንደር ነው፤ ልክ ነው። ከተማው ግን በዞኑ ሥር አይደለም። ጎንደር እንደ ባሕር ዳርና እንደ ደሴ በክልሉ «ሪጂኦፖሊታን» የሚባል ደረጃ ያለው ከተማ ስለሆነ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለክልሉ ነው። ማክሰኝትና ቆላድባ ደግሞ በወረዳቸው በኩል ለዞኑ ይጠራሉ።

እና ሁለቱ ቢሮዎች በእግር የሚደረስባቸው ቢሆኑም አንዱ አንዱን ማዘዝ አይችልም። በመካከላቸው የተነሳ ክርክር የሚፈታው ባሕር ዳር ነው፣ ወይም በስምምነት ነው። በስምምነት መፍታት ደግሞ ማንም የሚከለክለው ነገር የለም። ሁለቱ ወገኖች ተፈራርመው፣ ክልሉ አጽድቆት ሊሠሩበት ይችላሉ። አዲስ አዋጅ፣ አዲስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም።

ከማክሰኝት ጎንደር የሚመጣው ሚኒባስ ለምን አዘዞ ላይ ሰው አይጭንም?

ታፔላው ስለማይፈቅድለት ነው። አገር አቋራጭም ሆነ የወረዳ ሚኒባስ ስምሪቱን የሚያገኘው ከመናኸሪያ ነው። ከማክሰኝት መናኸሪያ ሞልቶ ይወጣል፣ ጎንደር መናኸሪያ ያራግፋል። በመንገድ ላይ መጫን ያስቀጣዋል። የከተማው ታክሲ በተራው ከከተማው ወሰን አልፎ ማክሰኝት ድረስ መሄድ አይችልም።

ሕጉ ዝም ብሎ ለክፋት የወጣ አይደለም። መናኸሪያ ላይ ሲጫን ታሪፉ ይታያል፣ ትርፍ መጫን ይያዛል፣ ተራውም ለሁሉም ይደርሳል። ችግሩ ሕጉ የተሠራው ሁለት የተራራቁ ከተሞችን በማሰብ ነው። አሁን ግን ከፒያሳ እስከ ጠዳ ያለው መንገድ ዳር ዳሩን ቤት በቤት ሆኗል። ሰው የሚጠብቀው መናኸሪያ ውስጥ ሳይሆን መንገዱ ዳር ነው።

ይህ ለተሳፋሪው ምን ያህል ያስከፍለዋል?

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። አንድ ባለ 12 ሰው ሚኒባስ ከማክሰኝት ጎንደር ደርሶ ለመመለስ በነዳጅ፣ በሹፌርና በረዳት አበል፣ በመናኸሪያ ክፍያና በጎማ 900 ብር ያወጣል እንበል። ጠዋት ወደ ጎንደር 12 ሰው ይዞ ይመጣል። ሲመለስ ግን በዚያ ሰዓት ከጎንደር ወደ ማክሰኝት የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው፤ 4 ሰው ያገኛል። ጠቅላላ 16 ተሳፋሪ። ወጪው ብቻ ሲካፈል ለአንድ ሰው 56 ብር ይመጣል።

አሁን ይኸው መኪና ሲመለስ አዘዞ ላይ ቆሞ 4 ሰው ቢጭን 20 ተሳፋሪ ይሆናል። ወጪው ለአንድ ሰው ወደ 45 ብር ይወርዳል። ነዳጁ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። የተቀየረው አዘዞ ላይ የቆመው ሰው በሕግ መሳፈር መቻሉ ብቻ ነው። እነዚያ 4 ሰዎች ዛሬ ምን ያደርጋሉ? ወይ በከተማ ታክሲ ወደ ኋላ ወደ ጎንደር መናኸሪያ ሄደው ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ፣ ወይ ሹፌሩ ተደብቆ ይጭናቸዋል። ተደብቆ ሲጭን ታሪፍ የሚባል ነገር የለም፤ የሚጠራው ዋጋ ነው ታሪፉ።

ታዲያ አዘዞ ላይ መናኸሪያ ቢሠራ አይበቃም?

ግማሹን ይፈታል። አዘዞ ለዚህ የተመቸ ቦታ ነው። የባሕር ዳር መንገድ፣ የመተማ መንገድና የቆላድባ–ጎርጎራ መንገድ የሚለያዩት እዚያ ነው። ሦስቱም አቅጣጫ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል።

ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። የከተማ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ከደቡብ የሚመጡት ሚኒባሶች ሁሉ አዘዞ ላይ ይራገፉ፣ ከዚያ ወዲያ የከተማ ታክሲ ይውሰዳቸው የሚል ነው። መጨናነቁ ይቀንሳል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከማክሰኝት ታማሚ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚመጣ ሰው አሁን ያለበት መቀያየር ሳያንሰው አንድ ሊጨመርበት ነው። ገበያ የሚመጣውም ጆንያውን ሁለት ጊዜ ሊያስጭን ነው። አዘዞ መጫኛ ይሁን፤ የግዴታ ማራገፊያ አይሁን።

ሁለተኛው የስምሪቱ ነገር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የከተማውም የዞኑም ስምሪት ሠራተኛ ካልተቀመጠ ግቢው አጥር ያለው የመንገድ ዳር ሆኖ ይቀራል። የመናኸሪያው ገቢ እንዴት እንደሚካፈልም አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ በተጫነው ሰው ብዛት። ካልተጻፈ የጎንደር መናኸሪያ ገቢው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የአዘዞውን ማዳከም ነው።

ሥራው መበላሸቱን የምታውቁበት ቀላል ምልክት አለ። መስመር ማቆራረጥ ከበዛ፣ ማለትም ሹፌሩ «ጠዳ ድረስ ነኝ» ብሎ ጭኖ ጠዳ ላይ ያንኑ ሰው ለማክሰኝት እንደ አዲስ ካስከፈለው፣ የሁለቱ ቢሮ ታሪፍ አልተገጣጠመም ማለት ነው። የሁለቱ ቁራጭ ታሪፍ ድምር ከሙሉው ጉዞ ታሪፍ ከበለጠ ሹፌሩ የሚያቆራርጠው አትርፎ ነው።

ሌላ አገር ይህን እንዴት ፈቱት?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የጀርመኗ ሐምቡርግ ናት። በ1965 እ.ኤ.አ. የከተማዋና የዙሪያዋ የባቡር፣ የአውቶቡስና የጀልባ ድርጅቶች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ድርጅቶቹ አልተዋሃዱም። አንድ ቲኬት፣ አንድ የጊዜ ሰሌዳና የገቢ ማካፈያ ቀመር ብቻ አወጡ። ከሦስቱ እኛ ዘንድ ዛሬ ሊሠራ የሚችለው የማካፈያ ቀመሩ ነው። አንድ ቲኬት ለማውጣት ረዳቱ በእጁ ብር በሚሰበስብበት ቦታ ገና ነን፤ የጊዜ ሰሌዳውም «ሲሞላ» ነው።

የአንገረብ ግድብ የማን ነው?

ውሃው የሚጠጣው ጎንደር ነው። ግድቡንና ማጣሪያውን የሚያስተዳድረውም የከተማው ውሃ አገልግሎት ነው። ግድቡ ውስጥ የሚገባው አፈር ግን የሚመጣው ከላይ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ማሳ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለከተማው አይጠሩም።

የአንገረብ ዋና በሽታ ደለል ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ያመጣዋል። አፈሩ ግድቡ ውስጥ ይተኛል፣ ውሃ የሚይዘው ቦታ በየዓመቱ ይጠባል። ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ማጣሪያው ብዙ ኬሚካል ይፈልጋል፣ ቀስ ብሎም ነው የሚያጣራው። «ክረምት ሆኖ፣ ዝናብ እየዘነበ ለምን ውሃ ይጠፋል?» የሚለው የሰፈር ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው። ሰው ይስቃል፣ ግን እውነት ነው።

ከተማው ግድቡን ከመጥረግ ይልቅ ላይኛው ማሳ ላይ እርከን ቢሠራ ይረክስለታል። ገበሬው ግን እርከን ሲሠራ ከማሳው ላይ ቦታ ይጎድልበታል፣ ተዳፋቱን ከልቅ ግጦሽ ሲከልል ከብቱን የሚያሰማራበት ያጣል። ጥቅሙን የሚያገኘው ጎንደር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ከውሃ ሂሳብ ላይ ትንሽ ተቀንሳ ለላይኞቹ ቀበሌዎች የምትሄድበት ውል ያስፈልጋል። ከተማው በዓመት 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሸጣል ብንል፣ በአንዱ ሜትር ኩብ ላይ 50 ሳንቲም ብትጨመር 1.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ክፍያው ለተሠራ እርከን ሳይሆን ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ ለተገኘ እርከን ቢሆን ይሻላል። ለዘመቻ የሚሠራ እርከን በሁለተኛው ክረምት የት እንደሚደርስ ሁላችንም አይተናል።

መገጭ ሲያልቅ ለሁሉም ውሃ ይደርሳል?

ከአስር ዓመት በላይ ሲጠበቅ የኖረው የመገጭ ግድብ 185 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ዋናው ዓላማው የደምቢያን ሜዳ ማጠጣት ነው፤ የጎንደር መጠጥ ውሃ ሁለተኛው ነው። «ታዲያ ገበሬውና ከተሜው ሊጣሉ ነው?» ይባላል። በመጠን ካያችሁት አይደርስም። በከተሞች የውሃ መለኪያ የጎንደር መጠን ላለው ከተማ በቀን ለአንድ ሰው 80 ሊትር ይታሰባል። 400 ሺህ ሰው ብንይዝ በቀን 32 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። በዓመት 12 ሚሊዮን አይሞላም። ከግድቡ አንድ አስራ አምስተኛው ገደማ ማለት ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጁ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት ፍጆታ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል።

ችግሩ ከፍታው ነው። ግድቡ ከከተማው ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ጎንደር ደግሞ ተራራ ላይ ናት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት የፓምፑ ብክነት ተጨምሮበት 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል መብራት ይበላል። 300 ሜትር ከሆነ 1.2 ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። ቁልቁል ወዳሉት ወደ ቆላድባና ወደ ደምቢያ ቀበሌዎች ግን ውሃው በራሱ ክብደት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመገጭ ውሃ በርካሽ የሚደርሳቸው ከጎንደር ይልቅ ጎረቤቶቿ ናቸው። ይህ በስብሰባ ላይ ብዙም ሲነሳ አይሰማም። ከፍታው ላይ ላለችው አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ ነገሩ ከጎንደርም ይብሳል፤ እሷን በራሷ ጉድጓድ መርዳት ይሻላል።

ትንሽ ከተማ ከጎንደር መስመር ውሃ ብትገዛ ቆጣሪው የት ይቀመጣል?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ የውሉ ግማሽ ግን እዚህ ውስጥ ነው። 15 ሺህ ሰው ያላት ከተማ እናስብ። ለእሷ መጠን መለኪያው በቀን ለሰው 40 ሊትር ነው። ስለዚህ ቧንቧው ደጅ ላይ መድረስ ያለበት 600 ሜትር ኩብ ነው። በመንገድ ላይ በፍሳሽ፣ በስርቆትና በተበላሸ ቆጣሪ 30 በመቶው ይጠፋል ብንል፣ ከመነሻው 857 ሜትር ኩብ መላክ ያስፈልጋል። 257ቱን ማን ይክፈል?

ቆጣሪው ጎንደር ማጠራቀሚያ በር ላይ ከተተከለ ትንሿ ከተማ ላላየችው ውሃ ትከፍላለች። መስመሩን የሚጠብቀው ጎንደር ከሆነ ደግሞ ፍሳሹን ለመጠገን የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ቆጣሪው ትንሿ ከተማ ማጠራቀሚያ በር ላይ ከሆነ የመስመሩ ኪሳራ የጎንደር ነው፣ ከተማዋ ውስጥ የሚጠፋው ደግሞ የከተማዋ ነው። ትክክለኛው ይሄኛው ነው። ቧንቧውን የሚጠግን ሰው ራሱ ኪሳራውን ይሸከም።

ከዚያም በላይ መነሻው ላይ ሁለተኛ ቆጣሪ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ለሂሳብ ሳይሆን ለማወዳደር። ሌሊት ሰው በማይቀዳበት ሰዓት ሁለቱ ቆጣሪዎች ብዙ ከተለያዩ መስመሩ መሐል ላይ ቀዳዳ አለ፣ ወይም አንዱ አትክልት ያጠጣበታል።

ውሃ ሲያንስ ማን ይቆረጥበታል?

ውል ከሌለ መልሱ ይታወቃል፤ ቫልቩ በማን እጅ ነው? በጎንደር እጅ ነው። በፈረቃ ጊዜ መጀመሪያ የሚዘጋው ለቢሮው የሩቁ ሰው ነው፣ ደውሎ የሚጮህ ስለሌለው።

ስለዚህ ውሉ ላይ በመቶኛ መጻፍ ያስፈልጋል። የማጣሪያው ምርት በ20 በመቶ ከቀነሰ ሁሉም ደንበኛ በ20 በመቶ ይቀንስበታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ፍትሐዊ ያልሆነ ነገር ይደበቃል። 80 ሊትር ከሚያገኝ ሰው 20 በመቶ ሲቀነስ 64 ይቀረዋል። 40 ከሚያገኝ ሲቀነስ 32 ነው። ቅነሳው እኩል ነው፣ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ወለል ይቀመጥ። ለገጠር የሚታሰበው መለኪያ በቀን 25 ሊትር ነው፤ ከዚያ በታች ማንም እንዳይወርድ፣ ጉድለቱን የሚሸከመው ብዙ የሚያገኘው ይሁን።

«ዛሬ ቧንቧ፣ ነገ መሬት» የሚለው ስጋት እውነት ነው?

መነሻ አለው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን አንድ ላይ ለማቀድ የተዘጋጀው ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ይወስዳል በሚል ስጋት ትልቅ ተቃውሞ አስነስቶ ጥር 2008 ዓ.ም መሰረዙ ተነግሯል። ከዚያ በኋላ «የተቀናጀ ፕላን» የሚል ቃል ሲሰማ ማንም ገበሬ ጆሮውን ያቆማል። አይፈረድበትም።

ለዚህ ነው ከውሃና ከታክሲ መጀመር የሚሻለው። የቧንቧ ውል ውስጥ መሬትን የሚመለከት አንድ አንቀጽ ብቻ ይግባ፦ ቧንቧው የሚያልፍበት ጠባብ መስመር ባለቤትነቱ አይዛወርም፣ ካሳው ቁፋሮ ሳይጀመር ይከፈላል፣ ወሰን የሚነካ ማንኛውም ጉዳይ ከዚህ ውል ውጭ ነው። አንቀጹ ለቀበሌው ሰው ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ፕላን በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም የማያነበው ወረቀት ሲሆን ወሬው ቦታውን ይይዘዋል።

አንዱ ወገን ከውሉ ቢወጣስ?

ይህ የሚታሰበው ዘግይቶ ነው። የውሃ መስመር በብድር ነው የሚሠራው፣ ብድሩም ለብዙ ዓመት ይከፈላል። አመራር ደግሞ በየጊዜው ይቀየራል። አዲሱ ሰው «ይህን እኔ አልፈረምኩም» ሊል ይችላል።

ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ንብረቱን መከፋፈል፦ ከማጣሪያው እስከ ድንበር ቆጣሪው ያለው የጎንደር፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የተቀባይዋ ከተማ ነው ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ መውጣት የሚፈልግ የሁለት ዓመት ማስታወቂያ ይስጥ፣ ያልተከፈለውን የብድር ድርሻውን ይዞ ይውጣ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ተቀባይዋ ከተማ ጉድጓድ ማስቆፈር ትችላለች። የቆዩትን ጉድጓዶቿንም መስመሩ የገባ ቀን ዘግታ ፓምፑን መሸጥ የለባትም። በወር አንድ ቀን እያስነሳች ታቆያቸው።